ለብሎኬት ማምረቻ ማሽን መከራየት፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ?

ጥያቄ፦ «እኔና ወንድሜ አዳማ ላይ ብሎኬት ማምረት ልንጀምር ነው። በእጃችን 450 ሺህ ብር አለ። አዲስ ማሽን ከነሚክሰሩ 620 ሺህ ተባልን። ያገለገለ በ330 ሺህ አግኝተናል። ሌላ ሰው ደግሞ ማሽኑን ከነቦታውና ከነመብራቱ በወር 35 ሺህ ላከራያችሁ ይለናል። የቤተሰብ ቦታ አለን፣ ሶስት ፌዝ ግን አልገባበትም። አንድ ኮንትራክተር ባለ 20ውን ብሎኬት በ54 ብር፣ በወር 12 ሺህ ፍሬ እወስዳለሁ ብሎናል። ሂሳቡን ከተረከበ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚከፍለው። ሲሚንቶ ኩንታሉን በ1,800 እናገኛለን። ሁሉም ሰው ኪራይ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ያገለገለውን ግዙ ይለናል። ጥቅምት ላይ መጀመር እንፈልጋለን። የቱን እንምረጥ?»

ምላሽ፦ «ኪራይ ማባከን ነው» የሚሏችሁ ሰዎች የሚያዩት የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው። በብሎኬት ሥራ ግን ገንዘብ የሚበላው ማሽኑ አይደለም፣ ሲሚንቶው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሚንቶውን እናስላ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ባለ 20 ብሎኬት 60 ያህል ይወጣል ብለን እንያዝ። በእናንተ ዋጋ ለአንድ ብሎኬት 30 ብር ሲሚንቶ ገባ ማለት ነው። ለፑሚሱ፣ ለአሸዋውና ለውሃው 8 ብር፣ ለሠራተኛ 6 ብር ጨምሩበት። ጠቅላላው 44 ብር ይሆናል። 8 ብሩና 6 ብሩ የእኔ ግምት ናቸው፤ በእናንተ ሰፈር ዋጋ ቀይሯቸው። ከ54 ብሩ ላይ የማሽን ወጪ ሳይነካው 10 ብር ይተርፋችኋል።

ዛሬ የተመታ ብሎኬት ግን ነገ አይሸጥም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ከዚያ ሌላ አንድ ሳምንት ይደርቃል። በ14ኛው ቀን ተጭኖ ይሄዳል፣ ኮንትራክተሩ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ ዛሬ ያወጣችሁት 44 ብር ተመልሶ እጃችሁ የሚገባው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ወር ውስጥ የሚመረተውን ሁሉ የምትሸፍኑት ከኪሳችሁ ነው። 12 ሺህ ፍሬ በ44 ብር 528 ሺህ ብር ይመጣል። ማሽኑን በነፃ ብታገኙት እንኳ 450 ሺህ ብራችሁ ለኮንትራክተሩ ትእዛዝ አይበቃም።

አሁን ያገለገለውን በ330 ሺህ ገዛችሁ እንበል። እጃችሁ ላይ 120 ሺህ ይቀራል። በ44 ብር ሲካፈል በወር 2,700 ብሎኬት ነው። 12 ሺህ ለሚጠብቅ ሰው 2,700 ይዛችሁ ብትቀርቡ ሁለተኛ አይደውልላችሁም። ያውም ይሄ ማሽኑ ምንም ጥገና ካልጠየቀና መብራት ካለ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ መስመሩ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። የብሎኬት ማሽንና የሚክሰር ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሶስት ፌዝ ናቸው። ማሽኑን ገዝቶ ግቢ አስቀምጦ መስመር መጠበቅ ማለት ብርን ቆልፎ መቀመጥ ነው። ትራንስፎርመሩ አቅም ከሌለው ወይም ምሰሶ መትከል ካስፈለገ ጥበቃው ይረዝማል። «እስከዚያው በጄኔሬተር እንሠራለን» የሚል ሐሳብ ከመጣላችሁ በመጀመሪያ የናፍጣውን ወጪ ለብሎኬቱ ቁጥር አካፍሉት። ያቺ 10 ብር ስንት እንደምትቀር ታዩታላችሁ። መስመር ሳይገባ ማሽን አትግዙ፤ አዲስም ይሁን ያገለገለ።

ወደ ያገለገለው ማሽን እንምጣ። ርካሽ የሚመስለው ነገር በትክክል የት ጋ እንደሚያስከፍል ማወቅ አለባችሁ። ሰው ያገለገለ ማሽን ሲያይ ሞተር ያስነሳል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ቀለሙን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ሞልዱን ነው። ፑሚስ ቀላል ድንጋይ ቢሆንም ብረት ይበላል። በየቀኑ ሲንቀጠቀጥ የሞልዱን የጎን ላሜራም፣ ቀዳዳውን የሚያወጣውን የመሃል ብረትም እየሞረደ ያሳሳዋል። አዲስ እያለ 30 ሚሊ ሜትር ግድግዳ የሚያወጣ ሞልድ የጎኑ ላሜራ 2 ሚሊ፣ የመሃሉ ብረት 2 ሚሊ ቢበላ ግድግዳው 34 ሚሊ ይሆናል። በዓይን አይታወቅም። ሆኖም እያንዳንዱ ብሎኬት 13 በመቶ ተጨማሪ ማቴሪያል ይበላል።

ይሄን ወደ ብር ቀይሩት። የአንድ ብሎኬት ማቴሪያል 38 ብር ነው ብለናል። 13 በመቶው 5 ብር ነው። በወር 8 ሺህ ብትመቱ 40 ሺህ ብር በየወሩ በሞልዱ በኩል ይፈስሳል። «ማባከን ነው» ከተባለው የ35 ሺህ ኪራይ ይበልጣል። ሠራተኛው ደግሞ ከአንድ ኩንታል 60 ማውጣት ስለለመደ፣ ብሎኬቱ ሲያንስበት ፑሚስ ይጨምርበታል። ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ብሎኬቱ ግን ይደክማል። ሲራገፍ ጠርዙ ይረግፋል፤ ኮንትራክተሩም ይመልሰዋል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። በጎን ላሜራውና በመሃሉ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ቢያንስ ስድስት ቦታ ለኩ፣ በተለይ ከታች በኩል። ካሊፐር ከሌላችሁ ግቢው ውስጥ የተመታ ብሎኬት አንስታችሁ በሜትር ለኩ። ባለ 20ው 204 ወይም 205 ሚሊ ከመጣ ሞልዱ አልቋል። ክፍተቱ ከ32 ሚሊ ካለፈ ማሽኑን ሞልድ እንደሌለው ቆጥራችሁ ተደራደሩ። ሞልድ ለብቻው ይሠራል፤ ማሽኑን የሠራው ጋራዥ ካለ የበለጠ ይገጥማል። ዋጋውን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛው ፍሬሙ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ብረት ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ሻጭ ሲያዘጋጀው በላዩ ቀለም ይቀባዋል። የጠረጴዛውን ሥርና የንዝረት ዘንጉ የታሰረበትን ቦታ ቀለሙን ፋቁት። ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀቡበት፣ ትንሽ ጠብቁና በጨርቅ በደንብ አድርቁት። ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ጋዝ እየወጣ ጠመኔውን ያረጥበዋል፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያችኋል። አንድ ስንጥቅ ይበየዳል። ዘንጉ የተቀመጠበት ላይ ሁለት ሶስት ካገኛችሁ ግን ትታችሁት ሂዱ። ተበይዶ ይመለሳል፣ ተመልሶም ይሰነጠቃል።

ሶስተኛው ሞተሩ ነው። ያገለገለ ሞተር አንዴ መጠቅለሉ ነውር አይደለም። በደንብ ከተጠቀለለ ዓመታት ይሠራል። ችግሩ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለው ነው። ኤሌክትሪሺያን ክላምፕ ሜትር ይዞ አብሯችሁ ይሂድ። በ380 ቮልት የሚሠራ ባለ ሶስት ፌዝ ሞተር ሙሉ ሲጫን ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ወደ 2 አምፒር ይስባል። ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሳህን 5.5 ኪሎዋት ከተጻፈ 11 አምፒር አካባቢ ነው። ብሎኬት እየመታ እያለ ሶስቱንም ሽቦ አንድ በአንድ ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ በ10 በመቶ ከራቀ ወይም ሦስቱም ከሳህኑ ቁጥር ካለፉ ጥቅሉ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፣ ወይም ማሽኑ የሆነ ቦታ ይዞታል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ የንዝረት ዘንጉን ኩሽኔታ ቤት በመዳፋችሁ ንኩ። እጃችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ ኩሽኔታው ሊያልቅ ነው።

ሻጩ «መብራት ስለጠፋ ማስነሳት አልቻልንም» ካላችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሳይመታ ያያችሁትን ማሽን አትግዙ። ከተቻለ የራሳችሁን ፑሚስና አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ይዛችሁ ሄዳችሁ ስንት ብሎኬት እንደሚያወጣ ቁጠሩ። ከ60ው በታች የወደቀው ቁጥር ሞልዱ ምን ያህል እንደተበላ ይነግራችኋል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ ስለ ባለቤትነቱ። ማሽኑ ሻጩ ያልጨረሰው የሊዝ ዕዳ ያለበት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ለብድር የተያዘ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በብሔራዊ ባንክ ሥር የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መዝገብ አለ። ሞተሩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥርና የሻጩን ስም ይዛችሁ አስፈትሹ። ሻጩ የተገዛበትን ደረሰኝ ካላሳየ ደግሞ በሕጋዊ ውል ካልሆነ ብር አትስጡ።

አዲሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። እዚህ አገር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ማሽን ላሜራውና ብየዳው አዲስ ሆኖ ሞተሩ ያገለገለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከተቀባ አይለይም። አዲስ ብላችሁ ስትከፍሉ ሞተሩ ከነካርቶኑና ከነሳህኑ ሲገጠም ማየት መብታችሁ ነው። ዋስትና ሰጠን ካሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሞልዱን ይጨምር አይጨምር ይጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ ሞልድ «የሚያልቅ ዕቃ» ተብሎ ከዋስትናው ውጭ ይደረጋል።

አሁን ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። ያገለገለውን በ330 ሺህ ገዛችሁ፣ ለሞልድና ለኩሽኔታ 70 ሺህ አወጣችሁ እንበል። 400 ሺህ ሆነ። ከሶስት ዓመት በኋላ በ200 ሺህ ብትሸጡት 200 ሺህ በላችሁበት። ክረምቱ ላይ ግንባታው ስለሚቀዘቅዝና ብሎኬትም በወጉ ስለማይደርቅ በዓመት 9 ወር ትሠራላችሁ። በ27 ወር ሲካፈል በወር 7,400 ብር ነው። ለጥገና 6 ሺህ ጨምሩ፤ 13,400። ኪራዩ 35 ሺህ ነው፣ ነገር ግን ቦታና መብራት አለበት። ለነዚህ 10 ሺህ ብንተው የማሽኑ ኪራይ 25 ሺህ ነው። ልዩነቱ በወር 11,600 ብር።

እንግዲህ ከረጅም ጊዜ አንጻር «ኪራይ ማባከን ነው» የሚሏችሁ ሰዎች ልክ ናቸው። ዓመት ሙሉ ብትከራዩ ከ100 ሺህ ብር በላይ ታጣላችሁ። ለአራት ወር ከሆነ ግን ልዩነቱ 46 ሺህ ብር ገደማ ነው። በዚያ 46 ሺህ የምትገዙት ነገር አለ፤ 400 ሺህ ብራችሁ ብረት ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ይውላል። በወር 8 ሺህ ብሎኬት ስትመቱ 352 ሺህ ለማቴሪያልና ለሠራተኛ፣ 35 ሺህ ለኪራይ ትከፍላላችሁ። 387 ሺህ ነው። የቀረው 63 ሺህ ለጣውላ፣ ለካሪዮላ፣ ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ። ከ8 ሺህ ብሎኬት 80 ሺህ ይተርፋል፣ ኪራዩ ሲወጣ 45 ሺህ። ያገለገለውን ጠግናችሁ ብትገዙ ግን እጃችሁ ላይ የሚቀረው 50 ሺህ ብር ነው። በዚያ በወር 1,100 ብሎኬት ብቻ ትመታላችሁ። ትርፉ 11 ሺህ ነው፣ ጥገናውም ገና አልተቀነሰበትም።

«ማሽን ነገ ይወደዳል፣ ዛሬ መግዛት ይሻላል» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይወደዳል። ግን ሲሚንቶም ይወደዳል። ማሽን ኖሮት ሲሚንቶ መግዣ ያጠረው ሰው ማሽኑን በችኮላ፣ በወረደ ዋጋ ሲሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። እናንተ ጋ የቀረበው ያገለገለ ማሽንም ከነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንደሚሸጥ ጠይቁ።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ተከራዩ። ለኮንትራክተሩ 12 ሺህ አትቀበሉ፣ 8 ሺህ በሉት። 12ቱን የግድ ከፈለገ ሲሚንቶውን እሱ ያቅርብ፣ እናንተ የእጅና የማሽን ዋጋ አስከፍሉት። ወይም ለተጨማሪው 4 ሺህ ቅድሚያ ክፍያ ይስጥ። ሁለቱንም እምቢ ካለ፣ ክፍያው ላይም ሊያስቸግራችሁ ይችላልና ተጠንቀቁ።

የኪራይ ውሉ ላይ ግን አትቸኩሉ። እዚያም ሞልዱን ለኩ፤ የተበላ ሞልድ የተከራየ ሰው 40 ሺህዋን ያው ይከፍላል። ከ32 ሚሊ ካለፈ አከራዩ ይቀይር፣ ወይም ኪራዩን ይቀንስ። በተቻለ መጠን ኪራዩ በወር ሳይሆን በብሎኬት ቁጥር ይሁን። ለምሳሌ በፍሬ 4 ብር ከ50፣ ሆኖም በወር ከ20 ሺህ እንዳያንስ ተብሎ። መብራት ሲጠፋ ጉዳቱን እናንተና አከራዩ ትካፈሉታላችሁ። ወርሃዊ ብቻ ካለ ደግሞ መብራት ሙሉ ቀን የጠፋበት ቀን ከኪራዩ ይቀነስ የሚል ይጻፍ። ቺንጋና ኩሽኔታ በተከራይ፣ ሞተርና ፍሬም በአከራይ ቢሆን ተገቢ ነው። የቆጣሪውን ንባብ በገባችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት፤ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እናንተ ላይ እንዳይመጣ።

በነዚህ አራት ወራት ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይሂድ። አንደኛው ለቤተሰቡ ቦታ የሶስት ፌዝ ማመልከቻ ነው። ነገ ዛሬ ሳትሉ አስገቡ። ሁለተኛው የካፒታል ዕቃ ሊዝ ነው። አዋጅ ቁጥር 103/1990 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በሕግ የታወቀ አሠራር ነው። ተቋሙ ማሽኑን ገዝቶ ያስረክባችኋል፣ እናንተ በየጊዜው ትከፍላላችሁ፣ የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ ማሽኑ የእሱ ነው። ልማት ባንክም፣ በክልል ደረጃ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም ይሠሩበታል። ብዙ ጊዜ ከዋጋው 20 በመቶ ከእናንተ ይጠየቃል። ከ620 ሺህ ይሄ 124 ሺህ ነው። ዛሬ ብትሄዱ ቦታችሁ መብራት የለውም፣ የሽያጭ ታሪክም የላችሁም። ጥር መጨረሻ ላይ ግን የአራት ወር ሽያጭ ደረሰኝ፣ የባንክ እንቅስቃሴና ከኮንትራክተሩ የተፈረመ ውል ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። 20 በመቶውም ከትርፋችሁ ይወጣል፤ 45 ሺህ በአራት ወር 180 ሺህ ነው፣ ኑሯችሁን ከሱ ብትቀንሱም።

ሊዙ የራሱ ጣጣ አለው፣ ከመፈረማችሁ በፊት እወቁት። ቀሪው 496 ሺህ በ15 በመቶ ወለድ በሶስት ዓመት ይከፈል ብንል ወርሃዊው 17,200 ብር ገደማ ነው። ከኪራዩ ያንሳል። ነገር ግን ክረምት የለውም። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ጨምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ብሎኬት ሳይወጣም ክፍያው ይጠበቃል። ከ50 ሺህ ብር ያላነሰ ለዚያ ለብቻው አስቀምጡ፣ ወይም የክፍያ ሰሌዳው በበጋ ከፍ በክረምት ዝቅ እንዲል ጠይቁ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። በምታስገቡት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ደግሞ ሚክሰሩና አንድ ትርፍ ሞልድ ይካተት። በኋላ ሞልዱን ከኪስ ከመግዛት በሊዙ ውስጥ ማስገባቱ ይቀላል።

ሊዙ ከተከለከለ ወይም መስመሩ ከጥር ካለፈ ኪራዩን በየወሩ አራዝሙ። መስመሩ ገብቶ ሊዙ ብቻ እምቢ ካለ ያገለገለ ግዙ፤ ነገር ግን ከላይ በተናገርኩት መንገድ ለክታችሁ። ያሁኑ ማሽን ያኔም ካለና ፍሬሙ ንጹሕ ከሆነ፣ ሞልዱ ካለቀ ግን ከ260 ሺህ በላይ አትክፈሉበት። የሞልዱን 70 ሺህ ከላዩ ቀንሱ ማለቴ ነው። ሻጩ በዚያ ካልተስማማ ኪራዩ ላይ ቆዩና ሌላ ፈልጉ።